ለአምበሩ ሠርግ የተሰጠ ቀብድ

አባቴ አካለ ወልድ በደብረ ማርቆስ ከተማ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ አንድ አርመናዊ ዘንድ ነው። አራት ዓመት መስተዋት ሲያጥብ፣ ወረቀት ሲያደርቅና የሰው ፊት በቀይ መብራት ሥር ከውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ሲያይ ቆይቶ፣ በ1926 ዓ.ም. አንድ ባለ ሦስት እግር የእንጨት ካሜራ ገዝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል በምትወርደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየ። ግድግዳዋን በኖራ ቀባ፤ በአንዱ ጥግ ጥቁር ጨርቅ ጋረደ። ሥራ ማለት ይኸው ነበር።

የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣው ብርሃን የሚይዝ መድኃኒት በተቀባ መስተዋት ላይ ነው። አንድ መስተዋት አንድ ፎቶግራፍ ይይዛል። ከተበላሸ ተበላሸ፣ ከተሰበረም ተሰበረ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ደግሞ የሚሸጥ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው ለሠርግ ሲጠራው አባቴ አስቀድሞ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የሚበቃውን ያህል መስተዋት፣ ወረቀትና የማጠቢያ መድኃኒት ገዝቶ ይመለሳል። ቀብድ የሚቀበለውም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቀብዱን የሚቀበለው በቃል ብቻ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ግን ደብረ ወርቅ ላይ ሁለት ወንድማማቾች በተከታታይ ሊዳሩ ነበርና ለአንዱ ሠርግ በዘመድ እጅ ቀብድ ተከፈለ። የታላቁ ሠርግ በጠብ ቀረ። ታናሹ «የተከፈለው ለኔ ነው» አለ፤ ታላቁ «የኔ ነው፤ ይመለስልኝ» አለ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። አባቴ የማን ሠርግ እንደ ሆነ የሚያስረዳበት ወረቀት ስላልነበረው ገንዘቡን ለታላቁ መለሰ፣ ታናሹንም በነፃ አነሣ። ከዚያ ወዲያ ወረቀት ሳይጽፍ ቀብድ ተቀብሎ አያውቅም። በወረቀቱም ላይ የሙሽራውንና የሙሽራዪቱን ስም ከነአባታቸው፣ ቀኑንና ቦታውን ሳያሰፍር አይፈርምም ነበር።

ጣልያን ከገባ በኋላ ሥራው በዛ፤ አባቴ ግን ይህን ሲናገር አንገቱን ይደፋ ነበር። ወታደሮቹ ለእናቶቻቸው የሚልኩትን ፎቶግራፍ እሱ ዘንድ ይነሣሉ። የእነሱን ገንዘብ ተቀብሎ በልቷል። ሠርግ ግን ጥቂት ነበር፤ ለመደገስ ልብ የነበረው ሰው ብዙ አልነበረም።

በኅዳር 1931 ዓ.ም. ወይዘሮ የብርጓል የምትባል ሴት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ካለው ከአምበር መጣች። ባልዋ ከጎጃም ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘምቶ አልተመለሰም። እርሻውን በራሷ እጅ የምታሳርስ፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ነበረች። አብሯት የነፍስ አባቷ መምሬ ገብረ ማርያም ነበሩ።

«ልጄን እንዳላማውን ልድር ነው» አለች። «አባቱ ሲሄድ ፊቱን የሚያስታውሰኝ ነገር አላስቀረሁም። ሦስት ዓመት ሆነው። አሁን ዓይኑ ምን ይመስል እንደ ነበር ሳስብ አንዳንድ ቀን ይጠፋብኛል። የልጄ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። ፊቱ ይቀመጥልኝ።»

«ልጁ አብሮ አልመጣም?» አለ አባቴ።

«ቆላ ወርዷል።»

ቆላ ወረደ ማለት በዚያ ዘመን ለእርሻም ይሆናል፣ ለሌላም ይሆናል። አባቴ አልጠየቀም። ወረቀቱን ጻፈና ለመምሬ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ጮክ ብለው አነበቡላት። ግልባጩ እስከ ዛሬ አለ፤ እንዲህ ይላል፦

«ለወይዘሮ የብርጓል ተሰማ። ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ እንዳላማው አየለ ወይዘሪት ሥራነሽ ደምለውን ጥር 14 ቀን 1931 ዓ.ም. በአምበር ሲያገባ ስድስት ፎቶግራፍ እንዳነሣ ስለጠሩኝ ደስ ብሎኛል። ዋጋው አሥራ ሁለት ጠገራ ብር ነው። ከዚህ ስድስቱን በቀብድ አስቀድመው እንዲሰጡኝ እለምናለሁ። ቀብድ የምጠይቅዎ ስለማላምንዎ አይደለም። መስተዋቱና ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ስለሚገዛ፣ የተገዛበትም ገንዘብ ወደ እጄ ስለማይመለስ ነው። ስለዚህ ሠርጉ ቢቀር ቀብዱ አይመለስም። ይህን ዛሬ የምነግርዎ ኋላ ሁለታችንም እንዳናዝን ብዬ ነው። ቀኑ ቢዛወር ግን ቀብዱ እንዳለ ይቆያል፤ ጭማሪ አልጠይቅም፣ መስተዋቱንም ጠብቄ አስቀምጣለሁ። በእኔ ጥፋት በቀኑ ባልገኝ ስድስቱንም ብር እመልሳለሁ። ቀሪው ስድስት ብር ፎቶግራፎቹን ሲረከቡ ይከፈላል። መልካም ሠርግ ያድርግልዎ።»

«እኔ ካህን ሆኜ ይህን ያህል ዘመን ተክሊል ሳደርስ» አሉ መምሬ ወረቀቱን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ቀን ቀብድ ጠይቄ አላውቅም።»

«እርስዎ መስተዋት አይገዙማ፣ መምሬ።»

«ጸሎትም አይሰበርም፤ እውነትህን ነው።»

የብርጓል አልሳቀችም። «እንደገና ያንብቡልኝ» አለች። አነበቡላት። «አንድ ጊዜ ደግሞ።» ሦስተኛ ጊዜ አነበቡላት። ከዚያ፣ «የልጄ ስም የግድ ነው?» አለች።

«ስም የሌለበት ወረቀት ኋላ ያጣላል፣ እናቴ። ደርሶብኛል።»

ወደ መምሬ ዞር አለች። መምሬም ወደ መሬት አዩ። በኋላ እርሳሱን ተቀብላ በስሟ አጠገብ መስቀል አደረገች፤ ስድስቱንም ብር ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው።

አባቴ በታኅሣሥ መጨረሻ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ደጀን ላይ፣ ወደ አባይ ከመውረዱ በፊት፣ ኬላ ነበር። ያገሬው ሰው የሚያልፈው የመንገዱን ምክንያት አስረድቶ የይለፍ ወረቀት ሲያገኝ ነው። በር ላይ የተቀመጠው አስተርጓሚ ንጹሕ አማርኛ የሚናገር፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነበር።

«ምን ልታመጣ ነው?»

«የፎቶግራፍ መስተዋት።»

«ሁሉም አንድ ነገር ላመጣ ነው ይላል። ማስረጃ አለህ?»

አባቴ ማስረጃ ነበረው። ደስ ብሎት ከኪሱ አወጣው። ቀብድ ተቀብያለሁ፣ መስተዋቱን ሳልገዛ ብመለስ የሰው ገንዘብ በላሁ ማለት ነው ብሎ ስላሰበ፣ ወረቀቱ ይህን መንገድ ለመክፈት የተጻፈ እስኪመስለው ድረስ ነው የሰጠው። አስተርጓሚው ቆሞ አነበበ። ከዚያ ተቀመጠና እንደገና አነበበ።

«ጽሑፍህ ያምራል» አለው። «ሁሉም ነገር ተቀምጧል።» በትንሽ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ገለበጠና ይለፉን ሰጠው።

አባቴ ምስጋናውን ተቀብሎ ወረደ። አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ፤ መስተዋት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሲመለስ ጥር 12 ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ እዚያው ኬላ ላይ ያው አስተርጓሚ ተቀምጧል።

«ባለ ፎቶግራፍ! አገኘህ?»

«አግኝቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«የአምበሩ ሠርግ ቀኑ አልተዛወረም አይደል?»

«አልተዛወረም።»

«ደግ። እኛም ሳንጠራ ልንመጣ ነው። ያን ሙሽራ ካገኘነው ብዙ የምንጫወተው አለን።» አጠገቡ የቆሙት ሁለት ወታደሮች ሳቁ።

አባቴ ያን ጊዜ ነው የገባው። መኪናው ላይ ወጣ፤ የመስተዋቱን ሣጥን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ አምበር ተጓዘ። አምበር ላይ፣ «ሆዴን አሞኛል» ብሎ ሹፌሩን አስቆመና ወረደ። ወደ የብርጓል ቤት ሣጥኑን ታቅፎ በሩጫ ሄደ።

ዳሱ ተጥሏል። ሴቶች ዱቄት ይነፋሉ፤ አንዷ፣ «ሙሽራው ሳይመጣ ፎቶው መጣ!» ብላ እልል አለች። የብርጓል ፊቱን ስታይ እጇን አራግፋ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች።

«ጣልያኖቹ ያውቃሉ» አላት። «ቀኑንም፣ ቦታውንም፣ ስሙንም። እሑድ ይመጣሉ።»

«ማን ነገራቸው?»

«ደጀን ላይ ሰማሁ» አለ አባቴ። ከዚያ በላይ አላለም።

የብርጓል አልጮኸችም። ወደ ደጅ ወጥታ አንድ ሰው ጠራች፤ ጆሮው ላይ ተናገረች፤ ሰውየውም ምሳውን ሳይበላ ቁልቁል ወደ ቆላው ሄደ። እንዳላማው እንዳይመጣ ነው የተላከበት። ተመልሳ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«መስተዋቱ ያ ነው?»

«ነው።»

«እንግዲህ እሱ ወዲህ ካልመጣ አንተ ወደሱ ሂድልኝ። ግማሽ ቀን መንገድ ነው። መሪ እሰጥሃለሁ። ሠርጉ ይቅር፤ አንድ ጊዜ ብቻ አንሣልኝ።»

«ካሜራው ደብረ ማርቆስ ነው፣ እናቴ።»

«ነገ አምጣዋ።»

አባቴ ሣጥኑን ወደ ደረቱ ሳበ። ሸፍቶ የሚዋጋን ሰው ፎቶግራፍ ይዞ የተገኘ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ የተሰቀሉትን ሰዎች በገበያው መካከል አይቷል። መስተዋት ኪስ ውስጥ አይደበቅም። ሚስት ነበረችው፤ እኔም ዓመት አልሞላኝም ነበር። ይህ ሁሉ በልቡ መጣ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«በወረቀቱ ላይ ቀኑ ቢዛወር ቀብዱ ይቆያል ብያለሁ። ጭማሪም አልጠይቅም። መስተዋቱን ጠብቄ አስቀምጣለሁ። ጊዜው ሲሻል...»

የብርጓል ቀና ብላ አየችው። «አዎ» አለች። «ብለሃል። ሦስት ጊዜ ተነቦልኛል።»

አባቴ ይህን የነገረኝ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። «ፈራሁ አላልኳትም» አለኝ። «ውሉን ነገርኳት።»

እሑድ ዕለት ወታደሮቹ መጡ። ባዶ ዳስ አገኙ። ዳሱን አቃጠሉ፣ ሁለት በሬዎች ነዱ፣ መምሬ ገብረ ማርያምን አስረው ሦስት ሳምንት አቆዩ። ሰው አልሞተም። እንዳላማው የሞተው በግንቦት፣ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ በተደረገ ውጊያ ነው። ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። ለእናቱ ጎራዴውን አመጡላት፤ ሌላ የሚያመጡት አልነበረም።

አባቴ ወሬውን የሰማው በሰኔ ነው። የመጀመሪያው ስድስት ብር መስተዋት ከሆነ ቆይቷል፤ ከራሱ ስድስት ጠገራ ብር ቆጥሮ በጨርቅ ቋጠረና በዝናብ ወደ አምበር ሄደ። የብርጓል ጸጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቋጠሮውን ፊቷ አኖረው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቀብዱ ነው።»

«ቀብድ አይመለስም።»

«በእኔ ጥፋት ከሆነ ይመለሳል ብዬ ጽፌያለሁ።»

«በቀኑ ባልገኝ ነው ያልከው። አንተ ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድመህ መጣህ።»

«እናቴ፣ ደጀን ላይ ወረቀቱን ያሳየሁ እኔ ነኝ። ያወቁት ከኔ ነው።»

ዝናቡ ጣራውን ይመታ ነበር። የብርጓል ቋጠሮውን አየች፤ ከዚያም እሱን አየች።

«ይህን የምትነግረኝ ብሩን እንድቀበልህ ነው?»

«አዎ።»

«አልቀበልህም። ብሩን ከተቀበልኩህ ነገሩ ያልቃል። አንተም ጨርሰህ ትሄዳለህ።» ቋጠሮውን በእግሯ ወደሱ ገፋችው። «መስተዋቱ አለ?»

«አለ።»

«ይቀመጥ።»

አባቴ ብሩን ይዞ ተመለሰ። መስተዋቱንም በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ አትሞ ከጥቁሩ ጨርቅ በስተኋላ አኖረው። መስተዋት እየጠፋ በሄደበት ዘመን፣ የጣልያን መኮንኖች እጥፍ ዋጋ ሲሰጡት እንኳ፣ ሣጥኑን አልከፈተም። ቀብድ መቀበሉን ግን አልተወም፤ ያለ ቀብድ ሥራው አይሄድም። የቀየረው አንድ ነገር ነው። ውሉን ቁልጭ አድርጎ ያነብላቸዋል፤ ስሙንና ቦታውን ግን አይጽፍም፤ በዚያ ፈንታ ዋስ ይጠራል። ሁለት ጊዜ ከስሮበታል፤ ወደ ቀድሞው ግን አልተመለሰም።

በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ወጣ። በተከታዩ ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ የብርጓል ከአንዲት ወጣት ሴት ጋር ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ሣጥኑን ሲጠብቅ ኖሮ እሷ ትመጣለች ብሎ አልጠበቀም ነበርና አባቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆሞ ቀረ።

«ይህች ሥራነሽ ናት» አለች። «የልጄ እጮኛ የነበረችው። ልትዳር ነው። ጥር 17 ነው ቀኑ፤ ሙሽራው ድረስ ይባላል፣ ደግ ልጅ ነው። እንግዲህ ቀኑ ተዛውሯል።»

ሥራነሽ ወደ መሬት እያየች፣ «እኔ አልጠየቅኋትም፤ እሷ ናት» አለች።

«አንቺ ዝም በይ። የምነጋገረው ከባለ ፎቶግራፉ ጋር ነው።» ወደ አባቴ ዞረች። «ቀብዱ አይመለስም ብለሃል። ቢዛወር ይቆያል ብለሃል። ለሌላ ሰው አይሰጥም የሚል ግን አልሰማሁም።»

«አልጻፍኩም» አለ አባቴ።

«እንግዲያ ለሷ ሰጥቻለሁ።»

«መስተዋቱ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እናቴ። ሊበላሽ ይችላል። አዲስ ልግዛ፤ በራሴ ገንዘብ።»

«በልጄ ስም የተገዛው ነው የተሰጣት። በሱ አንሣ።»

በዚያው አነሣ። ጥር 17 ቀን አምበር ላይ ካሜራውን በዳሱ ፊት ተከለ። ሠርገኛው የብርጓልን፣ «ከሙሽሮቹ ጎን ይቁሙ እንጂ» ሲል ለመናት። እሷ ግን ከካሜራው አጠገብ፣ አባቴ ከቆመበት በኩል ቆመች፤ የካሜራውን ጥቁር ጨርቅ ገልጦ በወጣ ቁጥር ፊቷን እያየ ስድስቱንም ጨረሰ።

ከስድስቱ አራቱ ጠቁረው ቀሩ። ሁለቱ ዳር ዳራቸው ጭስ የገባው ይመስላል፤ መካከላቸው ግን ደኅና ነበር። አንዱን ለሥራነሽ ሰጠ። ሌላውን ልትወስድ የመጣችው የብርጓል ናት። አባቴ፣ «የደረሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ምንም አይክፈሉ» አላት። እሷ ስድስት ብር ቆጥራ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ቀሪው ሲረከቡ ይከፈላል ይላል» አለች፤ አባቴም አልተከራከረም።

ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ወስዳ ብዙ አየችው። ሥራነሽ በግራ ቆማለች፤ ድረስ ካባ ደርቦ በቀኝ ቆሟል። የብርጓል አውራ ጣቷን አንሥታ የሙሽራውን ፊት ሸፈነች። እንዲያ አድርጋ ያዘችው።

«ቁመቱ ልክ ነው» አለች። «ትከሻው ከዚህ ትንሽ ይሰፋ ነበር። አይደለም?»

አባቴ እንዳላማውን አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ አይቶት አያውቅም ነበር።